ምስሉ እንደ ውኃ ሲርገበገብ

ድሮኑ ያለ ችግር በርሮ ይመለሳል፤ ቪዲዮው ሲከፈት ግን የሕንጻው ቀጥ ያለ ጠርዝ እንደ እባብ ይጥመለመላል። ብዙዎች ወዲያው ጊምባሉን ይጠረጥራሉ። ጊምባል ካሜራውን የተሸከመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ሞተር ክንድ ነው፤ ድሮኑ ሲያዘነብል ካሜራውን በተቃራኒው ይመልሰዋል። ለፈጣን ንዝረት ግን አይደርስም።

ፕሮፔለሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ቢዞርና ሚዛኑ ቢዛባ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ያንቀጠቅጣል። ካሜራው ደግሞ ምስሉን ባንድ ጊዜ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነባል። ንባቡ የሰከንድ 1/50ኛ ከወሰደ በዚያች ቅጽበት ሁለቴ ይናወጣል፤ ጠርዙም ላይ ሁለት ማዕበል ይወጣል።

ስለዚህ እኔ ከፕሮፔለሩ እጀምራለሁ፤ ጫፉ የተሸረፈውን እለውጣለሁ እንጂ አልጠግነውም። ቀጥሎ ድሮኑን አጥፍቼ ጊምባሉ የተንጠለጠለባቸውን ትንንሽ ጎማዎች አያለሁ። የጊምባሉን መያዣ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ለስለስ ብሎ መመለስ አለበት። የደረቀ ጎማ ንዝረቱን እንዳለ ያሳልፋል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ኬብሉ ነው፤ ጎማዎቹ ደህና ቢሆኑም ተወጥሮ ከታሰረ ንዝረቱ በእሱ በኩል ይሻገራል። ላላ ብሎ መታጠፍ አለበት።