ከሜኑ ፎቶ ወደ ሰንጠረዥ

ሜኑ ላይ «600» የሚለው ቁጥር የክትፎ ዋጋ የሚሆነው ከክትፎ ጋር በአንድ መስመር ስለተጻፈ ብቻ ነው። «በአይብና በጎመን የሚቀርብ» የሚለው ደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ የክትፎ ማብራሪያ መሆኑ የሚታወቀው ከሥሩ በመቀመጡ ነው። ተመጋቢ ይህን ሳያስበው ይለያል። የሜኑ ፎቶ ወደ ሰንጠረዥ ሲቀየር ግን አስቸጋሪው ነገር ይኸው ነው። ፊደሎቹ በትክክል ተነበው እንኳ ቦታቸው ከጠፋ የማን ዋጋ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ለምሳሌ ሁለት ዓምድ ያለው አንድ ገጽ ይታሰብ። በግራው ዓምድ «የፍስክ ምግቦች» በሚል ርዕስ ሥር ክትፎ በ600፣ ልዩ ክትፎ በ750፣ ጥብስ በ480 ብር ተዘርዝረዋል። በቀኙ «የጾም ምግቦች» ተብሎ በያይነቱ በ250፣ ሽሮ ተጋቢኖ በ200 ብር ሰፍሯል፤ ከበያይነቱ ሥር «ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቲማቲም» የሚል ማብራሪያ አለ። ገጹ እንዳለ ለጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ቢሰጥ የተለመደው ስህተት «ክትፎ 600 በያይነቱ 250» የሚል አንድ ረጅም መስመር ነው። የጾሙና የፍስኩ ምግብ እዚህ ላይ ይቀላቀላል፤ ለአገር ውስጥ ሜኑ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፎቶው በዓምዶቹ መሀል ተቆርጦ እያንዳንዱ ዓምድ ለብቻው እንዲነበብ ይደረጋል።

ፎቶው ራሱ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ሜኑው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከበላይ፣ ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን ቢነሳ ይመረጣል፤ በፕላስቲክ የተለበጠ ሜኑ ላይ ፍላሽ ሲያርፍ አንድ ሙሉ መስመር ነጭ ሆኖ ይቀራል። የማዘንበል ጉዳት ደግሞ በሒሳብ ይታያል። በምግቡ ስምና በዋጋው መካከል 800 ፒክስል ርቀት ቢኖርና ፎቶው በ2 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ ዋጋው ከስሙ 28 ፒክስል ያህል ይወርዳል ወይም ይወጣል። ፊደሎቹ 40 ፒክስል ቁመት ካላቸው ይህ ከፊደሉ ግማሽ ይበልጣል። ማዘንበሉ 4 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ ወደ 56 ስለሚደርስ፣ መስመሮቹ 60 ፒክስል በሚራራቁበት ገጽ ላይ ዋጋው ከታች ወይም ከላይ ካለው ምግብ ጎን ይሰለፋል። ፎቶው በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ መጠኑ ይቀነስና ደቃቁ ጽሑፍ ይደበዝዛል።

ለንባቡ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። በኤችፒ ኩባንያ ተጀምሮ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሲሆን አማርኛም ያነባል። የተቆረጠው የግራ ዓምድ የሚነበበው በዚህ ትእዛዝ ነው፦

```
tesseract gra.jpg gra -l amh+eng --psm 6 tsv
```

በትእዛዙ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር መጨረሻ ላይ ያለው `tsv` ነው። እሱ ባይኖር ፕሮግራሙ የሚያወጣው ተራ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሲኖር ግን እያንዳንዱ ቃል ከገጹ ግራና ከላይ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ስፋቱንና ቁመቱን፣ እንዲሁም ፕሮግራሙ በንባቡ ምን ያህል እንደሚተማመን ከ100 በሚሰጥ ነጥብ ያስቀምጣል። ማዛመዱ የሚሠራው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ጥብስ ከላይ በ638፣ «480» በ642 ፒክስል ላይ ከሆኑ ልዩነታቸው ከፊደሉ ቁመት ግማሽ፣ ማለትም ከ20 ስለሚያንስ በአንድ መስመር ላይ እንዳሉ ይቆጠራል። ከሌሎቹ ጎላ ያለና ዋጋ የሌለው መስመር ርዕስ ነው፤ ቀጣይ ርዕስ እስኪመጣ ድረስ ያሉት ምግቦች ሁሉ በእሱ ሥር ይመዘገባሉ። ዋጋ የሌለው ደቃቅ መስመር ደግሞ ከበላዩ ላለው ምግብ ማብራሪያ ይሆናል። «ሽሮ» በበያይነቱ ማብራሪያ ውስጥ ስለተገኘ ራሱን የቻለ ምግብ ተደርጎ የማይመዘገበው በዚህ ደንብ ምክንያት ነው። ደንቡ የሚስተው የምግቡ ስም ረዝሞ ወደ ሁለተኛ መስመር ሲወርድ ነው፤ ያኔ የፊደሉን መጠን ማየት ያስፈልጋል፤ ከላዩ ጋር እኩል ከሆነ የስሙ ቀጣይ ነው።

በስምና በዋጋ መካከል የሚደረደሩት ነጠብጣቦች ብዙውን ጊዜ አራት ነጥብ ወይም ትርጉም የሌለው ፊደል ሆነው ስለሚነበቡ ይጠረጋሉ። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ሰንጠረዥ ይህን ይመስላል፦

```
ክፍል,ምግብ,ማብራሪያ,ዓይነት,ዋጋ_ብር
የፍስክ ምግቦች,ክትፎ,በአይብና በጎመን የሚቀርብ,መደበኛ,600
የፍስክ ምግቦች,ክትፎ,በአይብና በጎመን የሚቀርብ,ልዩ,750
የፍስክ ምግቦች,ጥብስ,,,480
የጾም ምግቦች,በያይነቱ,ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቲማቲም,,250
የጾም ምግቦች,ሽሮ ተጋቢኖ,,,200
```

ክትፎ ሁለት ዋጋ ስላለው ሁለት ረድፍ ይዟል። «600/750» ብሎ በአንድ ሳጥን ማስቀመጥ ቦታ ይቆጥባል፤ ግን ሰንጠረዡ ያን ሳጥን እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው በዋጋ ቅደም ተከተል መደርደርም ሆነ መደመር አይቻልም። ክፍሉም በየረድፉ ይደገማል፤ ካልተደገመ ሰንጠረዡ በሌላ መልክ ሲደረደር ሽሮው ከጾም ወጥቶ የትም ይገባል። «ብር» የሚለው ቃል ወደ ዓምዱ ርዕስ ተዛውሯል። ሌላው ወጥመድ «1,200» ነው፤ በውስጡ ያለው ኮማ ዓምድ መለያ ሆኖ ይቆጠርና ዋጋው 1 እና 200 ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ ይህን ችግር ስለማያመጣ የበያይነቱ ማብራሪያ እንዳለ ተቀምጧል። ፋይሉ በኤክሴል ሲከፈት ፊደሉ ከተበላሸ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የአስቀማመጥ ዓይነቱ ነውና «UTF-8 with BOM» ሆኖ እንደገና ይቀመጣል።

ከገጹ ግርጌ የሚጻፈው «15% ቫትና 10% የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል» የሚል ማሳሰቢያ ምግብ ባይሆንም አይጣልም። ለብቻው በማስታወሻነት ይያዛል፤ የሰንጠረዡ ዋጋ ታክስ ያካትት አያካትት የሚታወቀው ከሱ ብቻ ነው። በእስክሪብቶ ተሰርዞ የተለወጠ ዋጋ ደግሞ ለዓይን ይተዋል፤ ቴሰራክት የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ የተሠራ አይደለም። የሚሠራው አዲሱ ዋጋ ነው፤ የማይነበብ ከሆነ ሳጥኑ ባዶ ይቀመጣል። ከጎረቤት ምግቦች ገምቶ መሙላት ከባዶነት የባሰ ነው፤ ባዶ ሳጥን ተመልሶ ይጠየቃል፣ የተገመተ ቁጥር ግን ማንም አይጠራጠረውም።

ማጣራቱ የሚጀምረው ከቆጠራ ነው። ፎቶው ላይ አምስት ዋጋዎች ከታዩ ሰንጠረዡም አምስት ረድፍ ሊኖረው ይገባል፤ አራት ከሆነ አንዱ ምግብ የሌላው ማብራሪያ ሆኖ ገብቷል ማለት ነው። ቀጥሎ በየክፍሉ ከሌሎቹ እጅግ የራቀ ዋጋ ይፈለጋል። ጥብስ 48 ወይም 4800 ሆኖ ቢመጣ ወዲያው ይታያል። 430 ሆኖ ቢመጣ ግን ማንኛውም ሒሳብ አይይዘውም፤ 3 እና 8 ደብዛዛ ፎቶ ላይ ይምታታሉና። ከፊደሎችም «ለ» ከ«ሰ»፣ «ስ» ከ«ሰ» ጋር እየተቀያየሩ «ጥብስ»ን «ጥብሰ» ያደርጉታል፤ ቢሆንም የስም ስህተት አንባቢ አስተካክሎ ያነበዋል፣ የዋጋ ስህተት ግን ሒሳብ ሲመጣ ጠብ ያስነሳል። ስለዚህ የመተማመኛ ነጥባቸው ዝቅ ያሉት ቁጥሮች በቅድሚያ፣ ቀሪዎቹም ዋጋዎች አንድ በአንድ ከፎቶው ጋር ይመሳከራሉ። አንዱ ፎቶውን እያየ ዋጋውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ሰንጠረዡን ቢከታተል፣ አንድ ሰው ሁለቱንም እያየ ከሚያመሳክረው ይልቅ ፈጥኖም ጠርቶም ያልቃል።