ገንዘቡ ለአንድ መድን ብቻ ሲበቃ

በባሕር ዳር አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። አባወራው ባጃጅ ይነዳል፣ ባለቤቱ በተከራየችው ሱቅ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ሁለት ልጆች አሏቸው። ከቤት ኪራይ፣ ከትምህርት ቤት ክፍያና ከዕቁብ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያችን ጥቂት ብር ለጤና፣ ለሕይወት ወይስ ለሱቁ መድን ያውሏት?

ባልየው «እኔ ኢንሹራንስ አለኝ» ይል ይሆናል። የባጃጁ የሦስተኛ ወገን መድን ማለቱ ነው። ይህ በሕግ የግድ የሆነ መድን የሚቆመው ተሽከርካሪው ለጎዳቸው ሰዎችና ለንብረታቸው ነው። ባጃጁ ተገልብጦ ቢጨፈለቅ ባለቤቱ ከዚህ ውል አንድ ብር አያገኝም።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ጤና ነው፤ ምክንያቱም ሕመም ከሦስቱ አደጋዎች ሁሉ አዘውትሮ ቤት የሚያንኳኳው ነው። እንደነዚህ ዓይነት ደመወዝተኛ ያልሆኑ ቤተሰቦች በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታቀፍ ይችላሉ። ሥርዓቱ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደሌሎች አካባቢዎች የተስፋፋ ነው። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የሚመዘገበውም ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ታማሚው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ፣ ሪፈር ሲጻፍለት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሙሉ ሽፋኑን ላያገኝ ይችላል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም። መድኃኒት ከተቋሙ ሲያልቅ ከውጭ ለመግዛት ኪስ መዳሰስም የታወቀ ችግር ነው። ያም ሆኖ አንድ ቀዶ ሕክምና የዕቁብን ብር ጠራርጎ በሚወስድበት ቤት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚከፈለው መዋጮ የተሻለ መነሻ የለም። የማደሻው ወቅት ሲደርስ ካርዱን ማሳደስ ግን ግድ ነው፤ ከታመሙ በኋላ ሮጦ መክፈል አያዋጣም።

ሕይወት መድን ላይ ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ሰው ነገ ባይኖር ማን ይራባል? ለቀብርና ለለቅሶ ዕድሩ ይደርሳል። ዕድር የማይሸፍነው ከተዝካሩ በኋላ ያሉትን ዓመታት ነው። የባጃጁ ሾፌር ደመወዝተኛ ስላልሆነ ለልጆቹ የሚተርፍ ጡረታም አይኖረው ይሆናል። ስለዚህ የተወሰነ ጊዜ የሕይወት መድን፣ ማለትም ልጆቹ እስኪያድጉ ባለው ዘመን ውስጥ ብቻ ሞት ቢከሰት የሚከፍለው፣ ለእርሱ ይስማማዋል። ጊዜው በሰላም ካለፈ የተከፈለው አይመለስም፤ አረቦኑ ዝቅ ያለውም ለዚሁ ነው። ብዙ ጊዜ ወኪሎች የሚያስተዋውቁት ቁጠባ ያለበትን ነው። እርሱ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ይመልሳል፤ ነገር ግን ለተመሳሳይ ካሳ አረቦኑ በጣም ይበልጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያቋረጠም ምንም ወይም ጥቂት ብቻ ነው የሚያገኘው። ገቢው ለሚዋዥቅ ሰው ይህ አይመከርም። በማመልከቻ ቅጹ ላይ ያለን የደም ግፊት ወይም ስኳር መደበቅ ደግሞ ቤተሰቡ ካሳ ሲጠይቅ ክርክር ያስነሳል።

ሱቁስ? የእሳት አደጋ መድን በመሠረቱ እሳትና መብረቅን ይሸፍናል። ጎርፍና ሁከት ብዙውን ጊዜ በተጨማሪ ክፍያ የሚገቡ ናቸው። ለስርቆት ሌላ ውል አለ፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ በር ወይም የተቀደደ ጣሪያ ይፈልጋል። በጠራራ ፀሐይ ከመደርደሪያ የጠፋ ጨርቅ አይከፈልም።

ብዙዎችን የሚያስቆጨው ግን ሌላ ነገር ነው። ሴትየዋ ከሁለት ዓመት በፊት ዕቃዋን በ400 ሺህ ብር አስመዘገበች እንበል። ዋጋው ሁሉ ንሮ ያው ዕቃ ዛሬ 800 ሺህ ያወጣል፤ ውሉ ግን በየዓመቱ በአሮጌው መጠን ታደሰ። እሳት ተነሥቶ የ300 ሺህ ብር ዕቃ ቢያጠፋባት፣ «ከ400 ሺህ በታች ስለሆነ ሙሉውን አገኛለሁ» ብላ ትጠብቃለች። መድን ሰጪው ግን ያስመዘገበችው የእውነተኛውን ዋጋ ግማሽ ነውና ከጉዳቱም ግማሹን ብቻ፣ 150 ሺህ ብር፣ ያሰላል። በውሉ ላይ መድን ገቢው ራሱ የሚችለው ድርሻ ካለ እርሱም ይቀነሳል። ይህ ማታለል አይደለም፤ በውሉ የተጻፈ ስሌት ነው። ከብር ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያልተከለሰ ውል ሁሉ ለዚህ የተጋለጠ ነው።

ለዚህ ቤተሰብ ፍርዱ እንዲህ ይሆናል፦ የጤና መድኑ ይቅደም፤ ቀጥሎ ለባልየው ቁጠባ የሌለው አጭር የሕይወት መድን። የሱቁ ተራ ሦስተኛ ነው። ዕቃው በብድር የተገዛ ከሆነ ግን ከሕይወት መድኑ ይቀድማል፤ ዕቃው ቢቃጠል ዕዳው አይቃጠልምና።

ለመፈረም የተዘጋጀ አንባቢ ወኪሉን ስለ አረቦኑ ከመጠየቁ በፊት «የማይሸፍነውን ገጽ አሳየኝ» ይበል፤ የንብረት መድን ካለውም በሚቀጥለው እድሳት የዕቃውን ዋጋ በዛሬው ገበያ ያስከልስ።