ርቀቱ የሚለካው ከየት ነው?

አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎኑ የጎበጠ ወፈር ያለ ሌንስ ካላችሁ ይህን ሞክሩት። በድሮ የስላይድ ፕሮጀክተሮች ውስጥ እንዲህ ያለው ሌንስ አይጠፋም። ጎባጣውን ጎን ወደ መስኮቱ አዙራችሁ የሩቅ ሕንፃ ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ፤ ምስሉ ጥርት ሲል ከመስታወቱ እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። ከዚያ ሌንሱን ገልብጡት። ምስሉ ይደበዝዛል፤ ጥርት እንዲል ወረቀቱን ማራቅ ግድ ይሆናል። ሌንሱ ያው ነው፣ ሕንፃውም ያው ነው፣ ማስመሪያው ግን ሁለት ቁጥር ሰጠ። ታዲያ የዚህ ሌንስ የትኩረት ርቀት የትኛው ነው?

በትምህርት ቤት የተማርነው ቀመር ለዚህ መልስ የለውም። ያ ቀመር የተሠራው ለስስ ሌንስ ነው፤ ብርሃኑ አንድ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሰበር አድርጎ ይቆጥራል፣ ርቀቱንም ሁሉ ከሌንሱ መሃል ይለካል። የመስታወቱ ውፍረት ከትኩረት ርቀቱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ከሆነ ይህ ምንም አይጎዳም። ለተለመደ የማንበቢያ መነጽር ይበቃል። ወፍራም ሌንስ ላይ ግን ብርሃኑ ሲገባ ይሰበራል፣ በመስታወቱ ውስጥ መንገድ ይሄዳል፣ ሲወጣ ደግሞ ይሰበራል። “መሃሉ” የሚባለው ቦታ ያኔ ትርጉም ያጣል።

መፍትሔውን በ1841 ሥርዓት አስይዞ ያቀረበው ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከሩቅ በትይዩ የሚመጣን ጨረር በገባበት አቅጣጫ ወደፊት ቀጥሉት፤ ከሌንሱ የወጣውን ጨረር ደግሞ ወደኋላ ሳቡት። ሁለቱ መስመሮች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ለሌንሱ መሃል መስመር ቅርብ በሆኑት ጨረሮች ሁሉ ላይ ይህንኑ ብትደግሙ፣ መገናኛዎቹ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋሉ። ይህ ገጽ ዋና ጠለል ይባላል። ብርሃን ከሌላኛው ወገን ሲመጣም የራሱ ዋና ጠለል አለው፤ ስለዚህ አንድ ወፍራም ሌንስ ሁለት ዋና ጠለል ይኖረዋል። ጠለሉ ባለበት ቦታ የሚዳሰስ ነገር የለም፣ ብርሃኑም እዚያ አይሰበርም። የትኩረት ርቀት የሚለካው ግን ከእርሱ ነው። የዕቃውን ርቀት ከመጀመሪያው ጠለል፣ የምስሉን ርቀት ከሁለተኛው ጠለል እስከለካን ድረስ የስሱ ሌንስ ቀመር ሳይለወጥ ይሠራል። በጠለሎቹ መካከል ያለው ርቀት በስሌቱ ውስጥ ጨርሶ አይገባም።

ወደ ጀመርነው ሌንስ እንመለስ። የጎባጣው ገጽ ሬዲየስ 50 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ መሃል ላይ 15 ሚሊ ሜትር፣ የመስታወቱ የስብረት መጠን 1.5 ነው እንበል። ጠፍጣፋው ጎን ወደ ሕንፃው ሲዞር ትይዩው ብርሃን በጠፍጣፋው ገጽ ሳይሰበር ያልፋል። የሚሰበረው ሲወጣ፣ ጎባጣው ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ የሚሰበሰበውም 50 ለ0.5 ሲካፈል፣ ማለትም 100 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ስብረቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ ጠለሉም እዚያው ጎባጣው አናት ላይ ነው።

አሁን ጎባጣውን እናስቀድም። ብርሃኑ እንደገባ ይሰበርና መስታወቱ ባያልቅ ኖሮ 150 ሚሊ ሜትር ላይ ወደሚገናኝበት ነጥብ ያመራል። 15ቱን በመስታወት ውስጥ ሄዶ ጠፍጣፋው ገጽ ላይ ሲደርስ 135 ይቀረዋል። ወደ አየር ሲወጣ ግን ይበልጥ ስለሚታጠፍ ቀሪው መንገድ ለ1.5 ተካፍሎ 90 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማስመሪያው የሚያሳየው ይህን 90 ነው። እውነተኛው የትኩረት ርቀት ግን አሁንም 100 ነው፤ ጠለሉ ከጠፍጣፋው ገጽ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ውፍረቱ የዚህን ሌንስ የትኩረት ርቀት አልነካውም፣ መለኪያ ቦታውን ነው ያዛወረው። ዘጠና ብሎ የመዘገበ ሰው በመቶ አሥር ተሳስቷል።

ሁለቱም ጎኖች ሲጎብጡ ነገሩ ይለወጣል፤ ውፍረቱ የትኩረት ርቀቱን ራሱን ይነካል።

1/f = (n − 1)[1/R₁ − 1/R₂ + (n − 1)d/(nR₁R₂)]

እዚህ n የስብረት መጠን፣ d ውፍረት፣ R₁ እና R₂ የገጾቹ ሬዲየሶች ናቸው። ከስሱ ሌንስ ቀመር የሚለየው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። በሁለቱም ጎን በጎበጠ ሌንስ R₂ አሉታዊ ስለሆነ ይህ ክፍል ይቀንሳል፣ የትኩረት ርቀቱም ይረዝማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ገጽ ያጠፈው ጨረር ሁለተኛው ገጽ ላይ የሚደርሰው ወደ መሃል ተጠግቶ ነው፤ ወደ መሃል በቀረበ መጠን ደግሞ ገጹ የሚያጥፈው በጥቂቱ ነው።

የነገሩን ጫፍ ለማየት ልጆች የሚጫወቱበትን የመስታወት ብይ ማስላት ይበቃል። ጥርት ያለ፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብይ ይሁን። የስሱ ሌንስ ቀመር 10 ሚሊ ሜትር ይለናል። የወፍራሙ ቀመር 15 ይላል፣ ትክክሉም ይህ ነው። ሁለቱ ዋና ጠለሎች ብዩ እምብርት ላይ ተደራርበው ስለሚቀመጡ፣ ምስሉ የሚወድቀው ከብዩ ገጽ 5 ሚሊ ሜትር ርቆ ነው።

ጠለሉ ካልታየና ካልተዳሰሰ የትኩረት ርቀትን በእጅ እንዴት ማወቅ ይቻላል? እኔ የምወደው መንገድ ጠለሉ የት እንዳለ ሳያውቁ የሚለካበትን ነው። የሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ያለ የ10 ሚሊ ሜትር መስመር በመብራት አድምቁ፤ ምስሉ ልክ 10 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ሌንሱንና ወረቀቱን አስተካክሉና ከሌንሱ አንድ ቋሚ ምልክት እስከ ምስሉ ያለውን ለኩ። ቀጥሎ ምስሉ 20 ሚሊ ሜትር እንዲሆን አድርጋችሁ ከዚያው ምልክት እንደገና ለኩ። የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት የትኩረት ርቀቱ ነው። ጎባጣው ጎን ወደ መስመሩ የዞረው የኛ ሌንስ ከጠፍጣፋው ገጽ 190 እና 290 ይሰጣል፤ ልዩነቱ 100 ነው። ምልክቱ የትም ቢሆን ስህተቱ ከሁለቱም ላይ እኩል ስለሚቀነስ ይጠፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በሌንሱ መሃል አጠገብ ለሚያልፉ ጨረሮች ነው። በሌንሱ ጠርዝ የሚያልፉት ቀድመው ስለሚሰበሰቡ ምስሉ መቼ እንደጠራ መለየት ያስቸግራል፤ በተለይ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ሩቁ ሕንፃ ሲዞር ብዥታው ይብሳል። መሃሉ የተበሳ ጥቁር ወረቀት ሌንሱ ላይ ብትለጥፉ ምስሉ ይደበዝዝ ይመስላል እንጂ ይጠራል፤ ብርሃኑ ነው የሚቀንሰው። ፀሐይን ግን መሞከሪያ አታድርጉ፤ ወረቀቱን ያቃጥላል፣ ዓይንም ይጎዳል።

ሌንስ በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ ሻጮች ሁለት ቁጥር እንደሚጽፉ አስተውሉ፦ EFL እና BFL። የመጀመሪያው ከዋናው ጠለል፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው የመስታወት ገጽ የተለካ ነው። የምስሉን መጠን ስታሰሉ EFL ውሰዱ፤ ሌንሱን ከካሜራው ወይም ከወረቀቱ ስንት ሚሊ ሜትር አርቃችሁ እንደምታስሩት ስትወስኑ ደግሞ BFL ተመልከቱ።