ያመለጠው ዜሮ፦ ፕሮግራምን መስመር በመስመር መከተል

አንዲት ጀማሪ ፕሮግራመር አምስት ሱቆች ዞራ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ መዝግባለች እንበል። ሁለቱ ሱቆች ሽንኩርት አልቆባቸው ስለነበር በእነሱ ቦታ ዜሮ ጻፈች። ከዚያም ዜሮዎቹን አውጥቶ የቀሩትን የሦስቱን ዋጋዎች አማካይ የሚያሰላ አጭር የፓይተን ፕሮግራም አዘጋጀች።

```python
prices = [95, 0, 0, 80, 86]
for p in prices:
    if p == 0:
        prices.remove(p)
print(sum(prices) / len(prices))
```

ፕሮግራሙ አንዳችም የስህተት መልእክት ሳያወጣ 65.25 የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ግን ትክክል ሊሆን አይችልም። ሽንኩርት ካላቸው ሱቆች በጣም የረከሰው 80 ብር ነው፤ አማካዩ ከዚያ በታች ሊወርድ አይችልም። ኮዱ ደግሞ ደጋግመው ቢያነቡትም ደህና ይመስላል።

እንዲህ ዓይነት ስህተት ሲያጋጥም ፕሮግራሙን እየሮጠ ሳለ ማስቆምና ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ዲበገር የሚባለው መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው። ብዙዎች ኮድ በሚጽፉበት በቪኤስ ኮድ ውስጥ የፓይተን ማሟያው ከተጫነ ዲበገሩም አብሮ ይገኛል።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ የት ላይ እንዲቆም እንደሚፈለግ ይወሰናል። ከሦስተኛው መስመር ቁጥር በስተግራ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በማውስ ሲጫኑ ቀይ ነጥብ ይወጣል፤ ብሬክፖይንት ማለት ይህ ነው። ቀጥሎ F5 ይጫናል። ኤዲተሩ በምን ዓይነት መንገድ ይሂድ ብሎ ከጠየቀ `Python File` ይመረጣል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ይሳሳታሉ፦ Ctrl+F5 ከተጫነ ፕሮግራሙ ያለ ዲበገር ስለሚሄድ ቀዩን ነጥብ ሳያየው ያልፋል።

ፕሮግራሙ ሦስተኛው መስመር ላይ ይቆምና መስመሩ ቢጫ ይቀባል። ቢጫው መስመር ገና አልተፈጸመም፤ ተራውን እየጠበቀ ያለ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ዜሮው ከዝርዝሩ አለመውጣቱን አይቶ `remove` አልሠራም ብሎ በከንቱ ይደናገራል።

በስተግራ `Variables` በሚለው ሳጥን ውስጥ `p` 95 መሆኑ ይታያል። ዜሮ ስላልሆነ F10 ሲጫን ቢጫው ወደ ሁለተኛው መስመር ይመለሳል፤ አንድ ጊዜ ሲደገም ደግሞ ሦስተኛው ላይ ያርፋል። አሁን `p` 0 ነው። F10 ሲጫን ወደ አራተኛው መስመር ይወርዳል፤ እንደገና ሲጫን ዜሮው ይወጣና ዝርዝሩ `[95, 0, 80, 86]` ይሆናል። እስካሁን ሁሉም እንደታሰበው ነው።

ቀጣዩ F10 ግን ምስጢሩን ያወጣዋል። ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ሁለተኛው ዜሮ ሲሆን፣ `p` ላይ የሚታየው 80 ነው። ዜሮው ሳይፈተሽ ታልፏል።

ምክንያቱ `for` ዝርዝሩን የሚከተለው በቦታ ቁጥር መሆኑ ነው። ፓይተን ከ0 ጀምሮ ስለሚቆጥር የመጀመሪያው ዜሮ ቦታ 1 ላይ ነበር። እሱ ሲወጣ ወረፋ ላይ ከፊት ያለው ሰው ሲሄድ እንደሚሆነው ከኋላ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ተጠጉ፤ ሁለተኛው ዜሮም ቦታ 1ን ያዘ። `for` ግን ቦታ 1ን ጨርሻለሁ ብሎ ወደ ቦታ 2 አለፈ። ስለዚህ 261 ለሦስት መካፈል ሲገባው ለአራት ተካፈለ።

ይህ ስህተት የሚደበቅበትም ጊዜ አለ። ዝርዝሩ `[95, 0, 80, 0, 86]` ቢሆን ኖሮ ዜሮዎቹ ጎን ለጎን ስላልሆኑ መልሱ ትክክል ይመጣ ነበር። ፕሮግራሙ ለአንዱ ቀን መዝገብ ሠርቶ ለሌላው የሚሳሳተው በዚህ የተነሳ ነው።

ሱቆቹ አምስት ሳይሆኑ አምስት መቶ ቢሆኑ F10ን እየደጋገሙ መጫን አይቻልም። ያን ጊዜ ቀዩን ነጥብ በቀኝ ጠቅታ ከፍቶ `Edit Breakpoint` በሚለው ላይ `p == 0` የሚል ሁኔታ መጻፍ ይበቃል፤ ፕሮግራሙ ዜሮ ሲያገኝ ብቻ ይቆማል። በአምስቱ ሱቆች ዝርዝር ላይ ይህን የሞከረ ሰው ዜሮዎቹ ሁለት ሆነው ሳለ ፕሮግራሙ አንዴ ብቻ መቆሙን ያያል። ይህ ብቻውን ስህተቱ የት እንዳለ ይጠቁማል።

መፍትሔው እየዞሩበት ካለው ዝርዝር ላይ አለመቀነስ ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ባሉት መስመሮች ምትክ ዜሮ ያልሆኑትን ብቻ የያዘ አዲስ ዝርዝር ይሠራል፦

```python
prices = [p for p in prices if p != 0]
```

ቀዩ ነጥብ እንደገና ተጭኖ ይጠፋና F5 ይጫናል። መልሱ 87.0 ነው።