ላጉ ከዋይፋያችሁ ነው ወይስ ከመስመሩ? በሁለት ፒንግ እንለየው

የኔት ፍጥነት ስትለኩ 20 ሜጋ ያሳያችኋል፣ ቪዲዮም ሳይቆራረጥ ይከፍታል። ጌም ስትገቡ ግን ዛሬ የተኮሳችሁት ነገ የሚደርስ ይመስላል። ብዙዎቻችን ያኔ ፓኬጅ እናሳድጋለን፣ ላጉ ግን እዛው ነው። ምክንያቱም ጌም ብዙ ዳታ አይፈልግም። የሚፈልገው የላከው ትንሽ መልእክት ቶሎ ደርሶ መልሱ ቶሎ እንዲመጣለት ነው።

ይህ የደርሶ መልስ ጊዜ ፒንግ ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊ ሰከንድ ነው። ከተላኩት ውስጥ መልስ ሳያገኙ የቀሩት ደግሞ ፓኬት ሎስ ይባላሉ። ምንም ከመቀየራችን በፊት ችግሩ ከእኛ እስከ ራውተሩ ነው ወይስ ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚለውን እንለይ።

ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ cmd ከፍታችሁ ipconfig ብላችሁ ጻፉ። Default Gateway ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር የራውተራችሁ አድራሻ ነው። 192.168.1.1 ከሆነ እነዚህን በየተራ አስገቡ፦

```
ping -n 50 192.168.1.1
ping -n 50 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው 50 ጊዜ ራውተራችሁን ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨርን። ስልክ ላይ ከሆናችሁ የፒንግ አፕ አውርዳችሁ እነዚሁኑ ሁለት አድራሻዎች አስገቡ።

አሁን አንድ ምሳሌ እንይ። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ ተጫዋቹ መኝታ ቤት። ለራውተሩ የተላከው ፒንግ መጨረሻ ላይ Lost = 3 (6% loss)፣ Maximum = 290ms ይላል እንበል። እዛው ቤት ውስጥ ያለ ራውተር በጥቂት ሚሊ ሰከንድ፣ አንድም ሳይጠፋ መመለስ አለበት። ስለዚህ ይህ ልጅ ኔት አቅራቢው ጋ ቢደውል ትርፉ ድካም ነው፤ ችግሩ ግድግዳውና የጎረቤቶቹ ዋይፋይ ናቸው።

መፍትሄው የኔትወርክ ኬብል ነው። Cat5e የሚል ጽሑፍ ያለበት ይበቃል፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሰራል። አንዱን ጫፍ ራውተሩ ላይ LAN የሚል ቀዳዳ ውስጥ፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩና ዋይፋዩን አጥፉ። ብዙ አዳዲስ ስልኮችም ከታይፕ ሲ ወደ ኬብል በሚቀይር አዳፕተር ይሰራሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የሰው አዳፕተር ሰክታችሁ ሞክሩ። ከዚያ ፒንጉን ድገሙት። ለራውተሩ 1 ሚሊ ሰከንድ አካባቢና 0% loss ካያችሁ ያ ክፍል አለቀ። ኬብል መዘርጋት ካልተቻለ ራውተሩ 5GHz ካለው ወደሱ ቀይሩ፤ ግድግዳ ስለሚያዳክመው ግን ራውተሩ ካለበት ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ተጠቀሙበት።

ኬብሉ ተሰክቶም ማታ ማታ ላግ ካለ ሁለተኛውን ፒንግ እዩ። ወደ 8.8.8.8 ሌላ ጊዜ 80 የነበረው፣ አንድ ሰው ቪዲዮ ወይም ፎቶ መጫን ሲጀምር 600 ከገባ ችግሩ ወረፋ ነው። የመጫኛው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ከማውረጃው ያነሰ ነው፤ እሱ ሲሞላ የጌሙ ትንሽ መልእክት ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል።

ለዚህ ብሮውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ ጽፋችሁ ግቡ፤ የመግቢያው ስምና ፓስወርድ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። QoS ወይም Bandwidth Control የሚል ፈልጉ። የመጫኛ ፍጥነታችሁ 4 ሜጋ ከሆነ ጠቅላላውን Upload 3.4 አካባቢ ላይ ገድቡት፣ ማለትም 85 በመቶው ላይ። አንዳንድ ራውተር የሚገድበው በየስልኩ ብቻ ነው፤ ያኔ ብዙ የሚጭነውን ስልክ 2 ሜጋ ላይ አድርጉት። ሰውየው ቪዲዮው ትንሽ ይዘገይበታል፣ እናንተ ግን ፒንጋችሁ አይዘልም። ለማረጋገጥ ቪዲዮ እየተጫነ ፒንጉን ድገሙት።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ርቀት ነው፤ እሱን ኬብልም ሴቲንግም አይቀንሰውም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም፤ መስመሩ ዞሮ ስለሚሄድ እንዲያውም ይበልጣል። ስለዚህ ጌሙ ሰርቨር ምረጡ ካላችሁ ፒንጉ ዝቅ ያለውን ምረጡ።

በኬብል ሆናችሁ፣ ሌላ ማንም ኔቱን ሳይጠቀም፣ ራውተሩ 0% ውጭው ግን ደጋግሞ 6% loss ካሳየ ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ሊሆን ይችላል። ያኔ የሁለቱንም ውጤት ከነሰዓቱ ስክሪንሾት አንስታችሁ ለአቅራቢያችሁ ላኩ። «ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ» ቢሏችሁ፣ ከእናንተ እስከ ራውተሩ ያለው መስመር ደህና መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ በእጃችሁ አለ።