የቀን ገቢና የወር ዕዳ
(በሬዲዮ ከተላለፈው የመሠረተ ትምህርት ንግግር የተወሰደ)

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዕዳ አከፋፈል ነው። ደብተርና እርሳስ ያላችሁ አጠገባችሁ አድርጉ። ቁጥር እንጽፋለን።

የወር ደመወዝ ያለው ሰው በወሩ መጨረሻ ስንት ብር እንደሚይዝ አስቀድሞ ያውቃል። የጉሊት ነጋዴ ግን ይህን አያውቅም። ዛሬ ይሸጥለታል፤ ነገ ዝናብ ይጥልና ገበያው ይበተናል። ታዲያ ገቢው በየቀኑ የሚለዋወጥ ቤት የወር ዕዳውን እንዴት ይክፈል?

እስቲ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ወደ ሂርና እንሂድና አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች እንበል። ባሏ ከመኪና ላይ ጭነት ያወርዳል። የእሱ ገቢ ለቤት ኪራይና ለልጆች ይውላል። የየዕለቱ ቀለብ የሚወጣው ከእሷ ንግድ ነው። ይህች እናት ከአንድ ጅምላ ሻጭ 6,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በዱቤ ወስዳለች። ወለድ የለውም። ሰውየው ግን፣ «በወር በወር ክፈይኝ» ብሏታል።

ስንት እከፍላለሁ ትበል? ይህን ከመመለሷ በፊት አንድ ወር መጻፍ አለባት። በጥቅምት ወር ማታ ማታ ደብተሯን አወጣች። የአንዱን የገበያ ቀን ሒሳብ እንዲህ ጻፈች።

የሸጥኩት፦ 2,600 ብር
ዕቃውን የገዛሁበት፦ 2,050 ብር
ለባጃጅና ለማዳበሪያ ከረጢት፦ 60 ብር
ትርፍ፦ 490 ብር

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በመቀነቷ የቋጠረችው 2,600 ብር ነው። የእሷ የሆነው ግን 490 ብር ብቻ ነው። 2,050 ብሩ ነገ ዕቃ የሚገዛ መነሻ ገንዘብ ነው። 60 ብሩም ወጥቷል። ቀለብም ሆነ ዕዳ የሚከፈለው ከትርፉ ነው። ከመነሻው ከተነካ ንግዱ ራሱ ይበላል።

ወሩ ሲያልቅ የየሳምንቱን ትርፍ ደመረች። ቀለብ በሳምንት 1,150 ብር ይፈጃል። እሱን ስትቀንስ የተረፋት ይህ ነው።

1ኛ ሳምንት፦ ትርፍ 1,900፣ ከቀለብ የተረፈ 750
2ኛ ሳምንት፦ ትርፍ 1,350፣ ከቀለብ የተረፈ 200
3ኛ ሳምንት፦ ትርፍ 2,100፣ ከቀለብ የተረፈ 950
4ኛ ሳምንት፦ ትርፍ 1,450፣ ከቀለብ የተረፈ 300

ድምሩ 2,200 ብር ሆነ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ፣ «እንግዲያው በወር 2,200 እከፍላለሁ» ብሎ ቃል ይገባል። ስሕተቱ ይህ ነው። የሚመጣው ወር አራቱም ሳምንት እንደ ሁለተኛው ቢሆንባትስ? ያን ጊዜ የምትይዘው 800 ብር ብቻ ነው። የጎደለውን ወይ ከመነሻዋ ትወስዳለች፣ ወይ ከሌላ ሰው ትበደራለች።

ስለዚህ ቃል የሚገባው በደካማው ሳምንት ልክ ነው። ደካማው ሳምንት 200 ብር አስተርፏል። 200 በ4 ሲባዛ 800 ነው። ሄዳም እንዲህ አለችው፦

«ጋሼ፣ በወር 800 ብር አመጣለሁ። ከዚያ በላይ ቃል ብገባ እዋሻለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ 800 አነሰ።»

«አነሰ፤ ግን አይቀርም። ይኸው ደብተሬ፣ ይዩት።»

ሰውየው ተስማማ። ከኅዳር እስከ ግንቦት 7 ወር ነው። 800 በ7 ሲባዛ 5,600 ይሆናል። የቀረውን 400 ብር በሰኔ ትጨርሳለች። ሐምሌና ነሐሴ ከመግባታቸው በፊት ማለቁ ጥሩ ነው። በእነዚያ ወራት የገበሬው ማሽላ ገና አልደረሰም። ክረምት ላይ ጫት ስለሚበዛ ዋጋው ይወርዳል። የጫትና የማሽላ ገበሬ እጁ ሲያጥር ሽንኩርት የሚገዛውም ይቀንሳል። የእናንተ ዕዳ እነዚህን ወራት የሚያልፍ ከሆነ፣ በእነሱ የሚከፈለው እንዲያንስ ገና ሲዋዋሉ መነጋገር ያሻል።

800 ብሩ በወሩ መጨረሻ በአንድ ጊዜ አይገኝም። በየማታው ይጠራቀማል። በሳምንት ሁለት የገበያ ቀን 50፣ 50 ብር፣ በአራቱ ሌላ ቀን 25፣ 25 ብር ለብቻው በተለየ ጣሳ ውስጥ ታስቀምጣለች። አንዱ ቀን ዕረፍት ነው። ተደምሮ በሳምንት 200 ብር ነው።

በደህናው ሳምንት ከዚህ በላይ የሚተርፈውስ? መጀመሪያ ሌላ 800 ብር እስኪሞላ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ልጅ ቢታመም፣ ቲማቲም ቢበሰብስ የዚያ ወር ክፍያ አይጎድልም። 800 ብሩ ከሞላ በኋላ የሚተርፈው ለዕዳው ቢጨመር ከሰኔ በፊት ያልቃል።

ዕቅዱ እየተበላሸ መሆኑ በምን ይታወቃል? በኪሎ ይታወቃል። የዕቃ መግዣውን ብር ብቻ ሳይሆን ኪሎውንና የአንዱን ኪሎ ዋጋም ጻፉ። ባለፈው ሰኞ 25 ኪሎ ሽንኩርት ገዝታ ዛሬ 20 ኪሎ ከገዛች፣ ዋጋውን ትመልከት። ዋጋው ጨምሮ ከሆነ ጥፋቱ የገበያው ነው፤ መሸጫዋን ታስተካክል። ዋጋው ያው ሆኖ ኪሎው ከቀነሰ ግን መነሻዋ እየተበላ ነው። ያን ጊዜ ዝም ብሎ መክፈል አይበጅም። የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ወደ አበዳሪው ሄዶ፣ «የዚህን ወር 400 እከፍላለሁ፤ ቀሪው 400 በስተመጨረሻ ይጨመር» ማለትና በጽሑፍ ማስፈር ይሻላል።

አሁን ስለ ወረቀቱ እንናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2472 ስለ ገንዘብ ብድር አንድ ነገር ይላል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ነው። ከ500 ብር በላይ መክፈልም እንዲሁ ነው። ልብ በሉ፤ 800 ብር ከ500 ይበልጣል። «በሰው ፊት ነው የሰጠሁት» ማለት ላይበቃ ይችላል። በዱቤ የተወሰደ ዕቃም ቢሆን ክፍያው ሁሉ ይጻፍ። ሁለት ወረቀት ይዘጋጅ፤ አንዱ በእሷ፣ አንዱ በሰውየው እጅ ይቀመጥ። በሁለቱም ላይ ዕዳው፣ የሁለቱ ስምና ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮችም ፊርማ ይኑር። ከሥሩ በየወሩ አንድ መስመር ይጨመራል።

ኅዳር 30፦ የተከፈለ 800፣ ቀሪ 5,200፣ የተቀባይ ፊርማ
ታኅሣሥ 30፦ የተከፈለ 800፣ ቀሪ 4,400፣ የተቀባይ ፊርማ

ገንዘቡ ከእጅ የሚወጣው ተቀባዩ ሲፈርም ነው። «ቀሪ» የሚለውም ሳይጻፍ አይታለፍ። ጭቅጭቅ የሚነሣው በከፈሉት ሳይሆን በቀረው ላይ ነውና።

ያው ሕግ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያደረገው የጣት አሻራ በሚመለከተው ሹም ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ያላነበበው ወረቀት ዕዳ እንዳይሆንበት ነው። እናንተ ግን አሁን ታነባላችሁ። ፊርማችሁ ያስራችኋል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። 800 የነበረው 8,000 ሆኖ እንዳይገኝ ዜሮዎቹን ቁጠሩ፤ በፊደልም «ስምንት መቶ ብር» ተብሎ ይጻፍ።

ለዛሬ ማታ አንድ ሥራ እንስጣችሁ። ደብተራችሁን ገልጣችሁ አራት መስመር ጻፉ፦ የሸጥኩት፣ የገዛሁበት፣ ሌላ ወጪ፣ ትርፍ። እስከ ወሩ መጨረሻ በየማታው ጻፉት። የወር ክፍያችሁን ከደካማው ሳምንት ታገኙታላችሁ።

ደህና እደሩ።