በዜማ የታወቁ፣ በጣት የጠፉ ፊደላት

መምህርቷ ከወረዳው ከተማ በእግሯ ተጉዛ ትምህርት ቤቱ ግቢ ስትደርስ ከጠዋቱ 1፡30 ሆኗል። ጫማዋ በመስከረም ጭቃ ከብዷል። ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ርዕሰ መምህሩ የስም መጥሪያውንና ሁለት ጠመኔ ሰጥተው ወደ አንደኛ ክፍል ይወስዷታል። መዝገቡ ላይ 61 ልጆች ሰፍረዋል፤ በክፍሉ ያሉት 44 ናቸው። በአንድ ዴስክ አራት ሆነው ተጠጋግተዋል።

ከ«ሀ» እስከ «ሆ»፣ ከ«ለ» እስከ «ሎ»፣ ከዚያ የ«ሐ»ን፣ የ«መ»ን ረድፍ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ገና አፏን ሳትከፍት ልጆቹ በአንድ ድምፅ ያዜሙታል። አንድም ስህተት አልሰማችም። በደስታ ማስታወሻዋን አውጥታ «ፊደል ያውቃሉ፤ ነገ ቃላት እጀምራለሁ» ብላ ትጽፋለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ይቆማል። ለመምህራን ማሠልጠኛ ክፍል ታስቦ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው፤ የሚቆመውም ሆን ተብሎ ነው። አሠልጣኙ ወረቀቱን ያስቀምጥና እጩ መምህራኑን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ መምህርቷ ምን ሰማች? ምንስ ገመተች?

መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ያከራክራል። የሰማችው ዜማ ነው። «ፊደል ያውቃሉ» የሚለው ግምቷ ነው። በኅብረት ድምፅ ውስጥ አሥር ልጆች ጮክ ብለው ከመሩ ሌሎቹ ግማሽ ሰከንድ ዘግይተው ይከተላሉ። አንዳንዱ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ከሰሌዳው ፊት ለቆመ ሰው የሁሉም ድምፅ አንድ ነው። መሪዎቹም ቢሆኑ ቅደም ተከተሉን በቃላቸው ይዘውት ይሆናል እንጂ ቅርጹን ለይተውት ላይሆን ይችላል።

አሠልጣኙ ንባቡን ይቀጥላል። መምህርቷ ጠመኔውን ልታስቀምጥ ስትል እጇ ድንገት «ሙ» ላይ ያርፋል። «ይቺስ?» ትላለች። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከፊት የተቀመጠ ልጅ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ «መ…» ብሎ ይጀምርና «ሙ!» ይላል። ደግ ነው። «ሎ»ን ስትነካ ግን ያው ልጅ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል» እያለ ሰባተኛው ላይ እስኪደርስ ያነበንባል።

ይህ ማነብነብ ልብ ሊባል የሚገባው ምልክት ነው። ልጁ «ሎ»ን በመልኳ አላወቃትም፤ ከረድፉ መነሻ ቆጥሮ አገኛት። «ሎሚ» የሚለውን ቃል ቢሰጡት የሚቆጥርበት ረድፍ የለውም። መምህርቷ በነጋታው ወደ ቃላት ብትሻገር ኖሮ ልጆቹ ቃሉንም እንደ ዜማ በቃላቸው ይዘው ይሸኟት ነበር፤ ችግሩም ሳይታይ ወራት ይገፋ ነበር።

የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ወጥመድ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ተማሪው ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ ይገባል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ረድፍና ከሌላ ድምፅ ስለሚመጣ የሀሁ ዜማ አያደርስም። ግን አቡጊዳም ራሱ ሲደጋገም ዜማ ይሆናል። ስለዚህ ፍተሻው በየቀኑ ቅደም ተከተሉን መቀየር አለበት።

ከዚያ እጩ መምህራኑ የቀሪውን 15 ደቂቃ ዕቅድ ይጽፋሉ። አንዱ ልጆቹን አንድ በአንድ ልጥራ ይላል፤ 44 ልጅ በ15 ደቂቃ ሲካፈል ለአንዱ 20 ሰከንድ ያህል ብቻ ይደርሰዋል። ሌላዋ ያልመለሰውን ልጅ ላስነሳ ትላለች፤ ጓደኞቿ በመጀመሪያ ቀን በክፍሉ ፊት ያፈረ ልጅ ነገ ሊቀር ይችላል ብለው ይሞግቷታል። ሦስተኛው በየዴስኩ እንጠይቅ ይላል፦ አራቱ ልጆች ተመካክረው ፊደሏን መሬት ላይ በጣታቸው ይጽፋሉ፤ መምህሩ እየዞረ ያያል። በዚህ መንገድ 11 ዴስክ ይዳረሳል፤ ጣት ደግሞ እንደ አፍ በሌላው ድምፅ አይሸፈንም። ሆኖም ጎበዙ ልጅ ለአራቱም ሊጽፍላቸው ስለሚችል፣ ጻፊው በየዙሩ እንዲቀያየር ይስማማሉ።

በወረቀት ላይ የተጻፈ ክፍል ጭቃ የለውም፤ ልጅም አያለቅስበትም። የተግባር ልምምድን አይተካም። ነገር ግን በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ሽው ብሎ የሚያልፈውን ቅጽበት አቁሞ ያሳያል።

የታሪኩ የመጨረሻ ገጽ አጭር ነው። መምህርቷ ስንደዶውን ከኋላ ለተቀመጠችውና ጠዋቱን ሙሉ ድምፅዋ ላልተሰማው ልጅ ታቀብላታለች። ልጅቷ «ሎ»ን እንድትነካ ስትጠየቅ ወደ ሰሌዳው ትጠጋለች፤ ዓይኗን አጥብባ ታይና ሳታነበንብ በትክክል ትነካታለች። መምህርቷ ማስታወሻዋን አውጥታ የጻፈችውን ትሰርዛለች፤ ከሥሩም «ከኋላ ያለችው ልጅ ሰሌዳው ይታያታል?» ብላ ትጽፋለች።